48 ቮልት ተብሎ የሚሸጥ ቻርጀር ሁሉ አንድ አይደለም፦ ለስኩተርና ለኤሌክትሪክ ሳይክል ቻርጀር ስትቀይሩ

ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ውስጥ የስኩተር ቻርጀር ተቃጥሎባችሁ ሱቅ ብትገቡ መጀመሪያ የምትጠየቁት «ስንት ቮልት ነው?» የሚል ነው። «48» ትላላችሁ። ባለሱቁ ከመደርደሪያው አንዱን ያወርዳል። ጫፉን ይሞክራል፣ ይገባል። ቀይ መብራት ይበራል። ዋጋ ትከራከራላችሁ፣ ከፍላችሁ ትወጣላችሁ። ባትሪው ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ እየተጎዳ ሊሆን ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። 48 የሚለው ቁጥር የባትሪው መጠሪያ ነው። ቻርጀሩ የሚያወጣው ቮልት ሌላ ቁጥር ነው፣ ሁልጊዜም ከ48 ይበልጣል። ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚወሰነው ባትሪው ከምን እንደተሠራና ስንት ሴል እንደተደረደረበት ነው። እኛ አገር «48» ተብለው ከሚሽከረከሩት ውስጥ የሚበዙት አራት ዓይነት ናቸው።

| የባትሪው ዓይነት | ውስጡ ያለው | ቻርጀሩ የሚደርስበት ቮልት |
|---|---|---|
| የአሲድ ባትሪ | ባለ 12 ቮልት 4 ፍሬ | 58.8 አካባቢ፣ ከሞላ በኋላ ወደ 55.2 አካባቢ ይወርዳል |
| ተራው ሊቲየም | 13 ሴል | 54.6 |
| ተራው ሊቲየም | 14 ሴል | 58.8 |
| ሊቲየም አይረን ፎስፌት | 16 ሴል | 58.4 |

አራቱም «48» ይባላሉ። ባለ 14 ሴሉን ጠንቃቃ ሻጭ «52» ይለዋል፣ ግን ብዙው ሻጭ ጠንቃቃ አይደለም። ቁጥሩ የሚመጣው ከሴሉ ነው። የተራው ሊቲየም አንድ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው። 13 ጊዜ 4.2 ሲሆን 54.6 ይሆናል። የፎስፌቱ ሴል ደግሞ 3.65 ላይ ይቆማል። ስለዚህ ባለ 36፣ ባለ 60 ወይም ባለ 72 ቮልት ያላችሁም በዚሁ ስሌት የራሳችሁን ማውጣት ትችላላችሁ። ባለ 36 ተራ ሊቲየም 10 ሴል ነው፣ ቻርጀሩም 42 ቮልት ነው። ባለ 60 ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ 16 ሴልም 17 ሴልም ያለው አለ። አንደኛው 67.2 ሲፈልግ ሌላው 71.4 ይፈልጋል።

የራሳችሁን ባትሪ ማወቅ

የተቃጠለውን ቻርጀር አትጣሉት። ሞቶም ይናገራል። ከጀርባው ያለው ጽሑፍ ላይ «ኢንፑት» እና «አውትፑት» የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉ። የምትፈልጉት አውትፑት የሚለውን ነው። እዚያ ላይ 54.6 ወይም 58.4 ተብሎ ከነነጥቡ ከተጻፈ ግማሹ ሥራ አለቀ። ያለ ነጥብ «48 ቮልት 3 አምፔር» ብቻ ከሆነ ግን ምንም አልነገራችሁም፤ ለአሲድም ለሊቲየምም እንዲሁ ይጽፋሉ።

ጽሑፉ ከተፋቀ ባትሪውን ራሱን እዩት። ክብደቱ ብዙ ያሳብቃል። ባለ 20 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪ አንዱ ፍሬ ወደ 7 ኪሎ ይጠጋል፣ አራቱ ሲደመሩ ከ25 ኪሎ በላይ ነው። ያው መጠን ያለው ሊቲየም ግን ብዙውን ጊዜ ከ12 ኪሎ አይበልጥም። በአንድ እጅ አንጠልጥላችሁ ደረጃ የምትወጡበት ከሆነ አሲድ አይደለም። ወንበሩን ስታነሱ አራት ጥቁር ሣጥን በሽቦ ተያይዘው ካያችሁ ደግሞ አሲድ ነው። ሊቲየም መሆኑን ካወቃችሁ በኋላ የሚቀረው የሴሉ ቁጥርና ዓይነቱ ነው፤ እሱን ባትሪው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው የሚነግራችሁ።

አንዳንድ ሠራተኛ «ቆይ በቴስተር ልለካው» ብሎ ባትሪውን ይለካና ዓይነቱን ይወስናል። ይህን አትቀበሉ። ባትሪው 52 ቮልት አሳየ እንበል። 13 ሴል ከሆነ አንዱ ሴል 4.0 ቮልት ላይ ነው፣ ማለትም ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። 14 ሴል ከሆነ 3.71 ነው፣ ግማሽ ገደማ። 16 ፎስፌት ከሆነ 3.25 ነው፣ ይህም መሐል ላይ ያለ ጤነኛ ባትሪ ነው። አሲድ ከሆነ አንዱ ፍሬ 13 ቮልት ይዟል፣ ገና ከቻርጅ የተነቀለ ሙሉ ባትሪ ነው። 52 ለአራቱም ይሆናል። ቴስተሩ በዚህ ጉዳይ የሚረዳው በአንድ በኩል ብቻ ነው፦ ባትሪው 57 ካሳየ ባለ 13 ሴል እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።

አምስት ቻርጀር ለአንድ ስኩተር

ባሕር ዳር ውስጥ በስኩተር ዕቃ እያደረሰ የሚኖር አንድ የሰፈሬ ልጅ አለ። ማታ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቻርጀሩ «ጠሽ» ብሎ ዝም አለ። ባትሪው ተራ ሊቲየም ነው፣ 13 ሴል፣ 20 አምፔር ሰዓት። ወረቀቱ ላይ ከፍተኛው የቻርጅ መጠን 5 አምፔር ተብሎ ተጽፏል። ልጁ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ የአምስት ቻርጀሮችን ፎቶ በስልኩ ይዞልኝ መጣ።

የመጀመሪያው ርካሹ ነው። ጽሑፉ «48 ቮልት 20 አምፔር ሰዓት» ይላል፣ የሚያወጣው 58.8 ቮልት፣ 2.5 አምፔር። ይህ የአሲድ ቻርጀር ነው። ምልክቱ ራሱ ጽሑፉ ላይ አለ፤ ለባትሪው የአምፔር ሰዓት ስም የሚሰጠው ባብዛኛው የአሲድ ቻርጀር ነው።

ሁለተኛው 58.4 ነው፣ 5 አምፔር፣ ለፎስፌት የተሠራ። ባለሱቁ ልጁን ያሳመነው በዚህ ነው።

«ጋሼ፣ 58ቱ ይሻላል አሉኝ፤ ኃይሉ ስለሚበልጥ ቶሎ ይሞላል።»

«ቶሎ የሚሞላው በአምፔሩ ነው። ቮልቱ ምን ድረስ እንደሚሞላ ነው የሚወስነው። ያንተ 54.6 ላይ ማቆም አለበት።»

«ባትሪው ውስጥ መቆጣጠሪያ አለ አይደል? እሱ ያቆመዋል አሉ።»

አለ፣ ቢኤምኤስ ይባላል። ክርክሩ ሁሉ እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

58.8ን ለ13 ብናካፍለው ለአንድ ሴል 4.52 ቮልት ይደርሳል። ሴሉ የሚችለው 4.2 ነው። በተግባር ግን 4.52 አይደርስም። ከሴሎቹ አንዱ 4.25 ገደማ ሲነካ ቢኤምኤሱ መስመሩን ይቆርጣል። ኃይል መፍሰሱ ስለቆመ ቻርጀሩ አረንጓዴ ያበራል። ባለቤቱ «ሞላ» ብሎ ይተኛል። ሌሊቱን ቻርጀሩ እንደተሰካ ነው። የሴሉ ቮልት ትንሽ ወረድ ሲል ቢኤምኤሱ መልሶ ይከፍታል፣ እንደገና ይሞላል፣ እንደገና ይቆርጣል። እስኪነጋ እንዲህ ነው።

ስለዚህ ሁለት ጉዳት አለ። አንደኛው ዝምተኛው ነው። ሴሎቹ በየሌሊቱ ከልካቸው በላይ ስለሚያድሩ ቶሎ ያረጃሉ። መቁረጡም ድንገት ስለሆነ ወደኋላ የቀሩት ሴሎች ከሌሎቹ ጋር ለመስተካከል ጊዜ አያገኙም፣ ልዩነታቸው ይሰፋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ስኩተሩ ሙሉ እያሳየ ድሮ የሚሄድበትን ግማሽ መንገድ እንኳ አልሄድ ይላል። ሁለተኛው ጉዳት አደጋው ነው። ቢኤምኤስ የተሠራው አንድ ነገር ሲበላሽ ለአንድ ቀን እንዲያድን ነው። በየሌሊቱ ቻርጅ የማቆም ሥራ ስትሰጡት፣ መስመሩን የሚቆርጠው ትንሿ ትራንዚስተር ተቃጥላ ክፍት የቀረች ቀን በቻርጀሩና በሴሉ መካከል ምንም የለም። ከልኩ በላይ የሞላ ሊቲየም ሴል በእሳት የሚያያዘው ያን ጊዜ ነው። የቻርጀሩ ቮልት ልክ ከሆነ ግን ቢኤምኤሱ ቢሞት እንኳ ባትሪው 54.6 ላይ ሲደርስ ራሱ ቻርጀሩ ያቆማል። ሁለት አጥር አላችሁ ማለት ነው።

የተገላቢጦሹም ስህተት አለ። የአሲድ ባትሪ ያለው ሰው 54.6 የሊቲየም ቻርጀር ቢገዛ ለአንዱ ፍሬ 13.65 ቮልት ብቻ ይደርሰዋል። አይቃጠልም። ግን በአንድ ሌሊት በደንብ አይሞላም፣ በየቀኑ ጎደሎ ያድራል። ጎደሎ የሚያድር የአሲድ ባትሪ ሳህኖቹ ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋገርበታል፣ ከዚያ ቻርጅ መያዝ ያቅተዋል። ሰዉ «ባትሪው ፌክ ነበር» ይላል።

ወደ ልጁ እንመለስ። ሁለቱ ወደቁ። የቀሩት ሦስት ናቸው፦ አዲስ 54.6 በ2 አምፔር፣ አዲስ 54.6 በ5 አምፔር፣ እና ያገለገለ፣ ጽሑፉ የተፋቀ፣ «ኦሪጅናል ነው» የተባለ።

ያገለገለውን ሱቁ ውስጥ ለካነው። 55.3 አሳየ። ባለሱቁ «ይኸው! 54.6 ማለት ነው፣ ትንሽ ጨመር ቢል ነው» አለ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የአሲድ ቻርጀር ባትሪ ሳይሰካበት ሲለካ 58.8 አያሳይም። የሚወስድለት ስላላገኘ ሞልቷል ብሎ ያስባል፣ ወደ መጠበቂያ ቮልቱ ይወርዳል። ያም 55.2 አካባቢ ነው። ከሊቲየሙ 54.6 ጋር ሲታይ ቅርብ ነው፣ በዓይን ይምታታል። ባትሪ ላይ ሲሰካ ግን ወደ 58.8 ይወጣል።

ቴስተሩም ራሱ ያጣምማል። ርካሾቹ ቴስተሮች ውስጣቸው ያለው ድንጋይ ሲደክም ከትክክለኛው በላይ ያነባሉ። ስለዚህ ከመለካታችሁ በፊት ድንጋዩ አዲስ መሆኑን አረጋግጡ፣ ወይም ቮልቱን በትክክል የምታውቁትን ሌላ ነገር መጀመሪያ ለኩበት። ቴስተሩ ዲሲ ላይ፣ 200 የሚለው ላይ ይሁን። በደህና ቴስተር የባለ 13 ሴል ሊቲየም ቻርጀር ከ54.3 እስከ 54.8 ባለው ውስጥ መገኘት አለበት። ከ55 በላይ ካነበበና ጽሑፉ ከሌለ አትውሰዱት። ምንም ሳያሳይ ዜሮ ቢልም ወዲያው ተበላሽቷል አትበሉ፤ ባትሪ ሳይሰማ ቮልት የማያወጣ ቻርጀር አለ። እንዲህ ያለውን የራሳችሁን ባትሪ ይዛችሁ ሄዳችሁ ካልሆነ መግዛት ዕጣ ማውጣት ነው።

ሁለት ወይስ አምስት አምፔር?

አሁን ሁለት ልክ የሆኑ ቻርጀሮች ቀሩ። እዚህ ላይ ምርጫው የአደጋ ሳይሆን የኑሮ ነው።

ሰዓቱን ለማወቅ የባትሪውን አምፔር ሰዓት ለቻርጀሩ አምፔር አካፍሉ፣ መጨረሻ ላይ ስለሚቀዘቅዝ አንድ ሰዓት ገደማ ጨምሩ። 20 ለ2 ሲካፈል 10 ነው፣ ከነጭማሪው 11 ሰዓት። 20 ለ5 ሲካፈል 4 ነው፣ 5 ሰዓት በቂ ነው። ማታ ሰክቶ ጠዋት የሚነቅል ሠራተኛ 2 አምፔር ይበቃዋል፣ ባትሪውም አይሞቅም። ልጁ ግን ምሳ ሰዓት ላይም መሙላት ይፈልጋል። መብራት የሚቆይበት ሰዓትም የታወቀ አይደለም፤ አራት ሰዓት ብቻ ቆይቶ ቢሄድ ባለ 2 አምፔሩ ግማሹን እንኳ አያደርስም።

እኔ የምጠቀምበት ልክ ይህ ነው። ለሊቲየም የአምፔር ሰዓቱን ለ5 አካፍሉ፤ ለ20ው 4 አምፔር ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ብዙም አያሳስብም። ከዚያ በላይ የምትሄዱት የባትሪው ወረቀት ከፈቀደ ብቻ ነው። የልጁ ወረቀት 5 ስለሚል ባለ 5ቱ ጠርዙ ላይ ነው፣ አልወጣም። ለአሲድ ባትሪ ግን ለ8 አካፍሉ። ለ20ው 2.5 ነው፣ ከ3 ማሳለፍ ባትሪውን ያፈላዋል።

አምፔር ሲጨምር መጀመሪያ የሚደክመው ባትሪው ላይሆን ይችላል። ቀጭኑ ክብ ጫፍ፣ የላፕቶፕ የሚመስለው፣ 5 አምፔርን ለሰዓታት መሸከም ይከብደዋል። ከሰካችሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጫፉን በጣታችሁ ንኩት። ለብ ማለት ያለ ነው። ጣት ማቆየት ካልተቻለ ወይም ፕላስቲኩ ከሸተተ ንቀሉት፤ ጫፉ ልል ነው ወይም አምፔሩ በዝቷል።

እኛ መጨረሻ ላይ ያገኘነው በሌላ ሱቅ ባለ 4 አምፔር 54.6 ነው። ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ከሁለቱም የተሻለ ስለሆነ ሳይሆን ጫፉ ወፍራም ስለነበርና ኢንፑቱ ሰፊ ስለነበር ነው የወሰድነው። በሁለቱም ላይ እመለሳለሁ።

ጫፉ ገባ ማለት ልክ ነው ማለት አይደለም

የቻርጀር ጫፍ ሕግ የለውም። አንዱ አምራች ፖዘቲቩን መሐል ያደርጋል፣ ሌላው ዳር። ባለ ሦስት እግሩም እንዲሁ ነው፤ ያው ቅርጽ፣ ያው መጠን፣ የተገለበጠ ሽቦ። ተገልብጦ ከተሰካ ዕድለኛ ከሆናችሁ ፊውዝ ይሄዳል። ካልሆናችሁ ቻርጀሩ ወይም ቢኤምኤሱ ይሄዳል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የቴስተሩን ቀይ እግር ፖዘቲቭ ነው በምትሉት ላይ፣ ጥቁሩን በሌላው ላይ አድርጉ። ቁጥሩ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ካመጣ ገልብጣችኋል። የድሮውን ቻርጀር ለክታችሁ የትኛው እግር ፖዘቲቭ እንደነበር በወረቀት ሣሉ፤ ጨርሶ ከሞተ የስኩተሩን ቀዳዳ ለኩ። ቀዳዳው ዜሮ ካሳየ አትደንግጡ፤ አንዳንዱ ወደ ውጭ እንዳያወጣ ተደርጎ የተሠራ ነው። ያኔ የድሮውን ቻርጀር ሽቦ መከተል ነው።

የአዲሱ ጫፍ ካልገጠመ የድሮውን ጫፍ ከነሽቦው ቆርጦ አዲሱ ላይ መበየድ ይቻላል። ይህ ሥራ ነውር የለበትም፣ ጥሩ ብየዳ ከሆነ። ብቻ ሠራተኛው በቀለም አይመን። ቀይ ሁልጊዜ ፖዘቲቭ አይደለም። ከብየዳው በኋላ፣ ባትሪው ላይ ሳይሰካ በፊት፣ እንደገና ይለካ። ቻርጀሩን ከፍቶ ውስጡን መነካካት ግን ሌላ ነገር ነው። ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም 300 ቮልት አካባቢ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ውስጡ ባለች ትንሽ ብሎን ቮልቱን አስተካክልልሃለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ሂዱ።

አንድ ነገር ግን ጮክ ብዬ ልናገር። አንዳንድ ስኩተሮች ላይ የባትሪው ቀዳዳ የኮምፒውተር ገመድ የሚገባበትን ዓይነት ነው። ቤት ውስጥ ያለ የኮምፒውተር ገመድ እዚያ ይገባል። ያ ገመድ በቀጥታ ከግድግዳው 220 ቮልት ነው የሚያመጣው። ልጅ ወይም እንግዳ «ልሰካልህ» ብሎ ቢሰካው ባትሪው አለቀለት፣ ቤቱም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ቀዳዳችሁ ይህ ዓይነት ከሆነ ክዳን አድርጉለት፣ የቤቱን ሰው ሁሉ አስጠንቅቁ።

መብራታችንን የሚችል

የልጁን ቻርጀር የገደለው ባትሪው አይደለም። መብራት ሲመለስ ለአፍታ የሚጨምረው ቮልት ነው። ማታ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ይወርዳል። ስለዚህ ኢንፑት የሚለው መስመርም መነበብ አለበት። ከ100 እስከ 240 የሚል ከ200 እስከ 240 ከሚለው ይመረጣል፤ መብራቱ ሲደክም ሥራውን አያቋርጥም። 110 እና 220 የሚል መቀያየሪያ ያለው ከሆነ 220 ላይ መሆኑን ሳታዩ አትሰኩ። 110 ላይ ሆኖ እኛ አገር ሶኬት ላይ ከተሰካ ወዲያው ይፈነዳል።

መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ከግድግዳው ንቀሉ። ሲመጣ አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ ስኩት። ማታ ተኝታችሁ የሚጠፋውን ይህ አያድነውም፤ ለእሱ ሲጠፋ ቆርጦ መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቆጥሮ የሚያበራ የፍሪጅ መከላከያ ይገዛል፣ ለቻርጀርም ይሆናል። ቻርጀሩ የሚጎትተው ከፍሪጅ ብዙም አይበልጥም፤ 54.6 በ4 ሲባዛ 220 ዋት ገደማ ነው።

የመጀመሪያው ቀን

አዲሱን ቻርጀር መጀመሪያ ቀን፣ ነቅታችሁ፣ ቤት ባላችሁበት ሰዓት ሞክሩት። ባትሪው ግማሽ ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። በቅርቡ ከተነዳ ይቀዝቅዝ፤ በተለይ በቆላው በኩል፣ ዓባይ በረሃ አካባቢ ለምትነዱ። መኝታ ቤትና መውጫ በር አጠገብ አይሁን።

መጀመሪያ መመሪያው ምን እንደሚል እዩ። መመሪያ ከሌለ ብዙዎቹ አምራቾች የሚሉት ባትሪውን አስቀድሞ፣ ግድግዳውን ቀጥሎ ነው፤ ስትነቅሉ ግድግዳውን አስቀድማችሁ።

የልጁ ስኩተር ዳሽቦርዱ ላይ ቮልት ያሳያል። ሲሰካ 48.3 ነበር። ቀይ በራ፣ ማራገቢያው ተነሳ። ቮልቱ ቀስ እያለ ወጣ፣ ከ53 በኋላ ዘገየ። ወደ መጨረሻው 54.5 ላይ ረጅም ጊዜ ቆየ። መሆን ያለበትም ይኸው ነው፤ ቮልቱ ቆሞ አምፔሩ እየቀነሰ የሚሄድበት ጊዜ ነው፣ ሴሎቹ የሚስተካከሉትም ያኔ ነው። ከዚያ አረንጓዴ። ነቅለነው ከአንድ ሰዓት በኋላ 54.3 ይዞ ነበር። ጤነኛ ነው።

በዚህ ዓይነት ባትሪ ላይ 55 ካያችሁ ወዲያው ንቀሉ፤ ቻርጀሩ የሌላ ነው። ከሰዓቱ ስሌት ሁለትና ሦስት ሰዓት አልፎ አሁንም ቀይ ከሆነና ባትሪው ከሞቀ አሁንም ንቀሉ። ቮልቱ 53 ገደማ ላይ እያለ ድንገት አረንጓዴ ካለ ደግሞ ቻርጀሩ ንጹህ ሊሆን ይችላል። አንድ ሴል ከሌሎቹ ቀድሞ እየሞላ ቢኤምኤሱ እየቆረጠው ነው። ሌላ ቻርጀር ብትገዙም ያው ነው፣ ባትሪው ነው መታየት ያለበት።

ይህን ካነሳሁ፣ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት የድሮው በእርግጥ መሞቱን እዩ። ድሮው ላይ መብራት ከበራና በቴስተር 54.6 ካሳየ ችግሩ ቀዳዳው ወይም ባትሪው ውስጥ ነው። ለወራት ቆሞ የከረመ ስኩተር ከሆነና ባለ 13 ሴሉ ባትሪ ከ32 ቮልት በታች ከወረደ ቻርጅ አታድርጉት። «ይነቃል» ብሎ ቢኤምኤሱን ዘሎ በአሲድ ቻርጀር በቀጥታ የሚመታ ሠራተኛ አለ። አንዳንዴ ይነቃል። ውስጡ የተጎዳው ሴል ግን እንደተጎዳ ነው፣ እሳቱም ሊመጣ የሚችለው ከእሱ ነው።

ከሩቅ ስታስመጡ

ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ ወይም ሞጣ ሆናችሁ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የምታስልኩ ከሆነ መመለሱ አድካሚ ነው፣ ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ጨርሱት። «48 ቮልት ቻርጀር ላክልኝ» አትበሉ። የድሮውን ጫፍና የባትሪውን ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

«ለሊቲየም ባለ 13 ሴል ነው። አውትፑቱ 54.6 ቮልት፣ ከ3 እስከ 4 አምፔር። ኢንፑቱ ከ100 እስከ 240። ጫፉ ፎቶው ላይ ያለው ነው፣ ፖዘቲቩ መሐል ነው። የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ፣ ባትሪ ሳይሰካ በቴስተር ሲለካም ቪዲዮ ላክልኝ።»

ቁጥሮቹን በራሳችሁ ባትሪ ቀይሩ። የጀርባውን ፎቶ የላከ ሻጭ ቢያንስ ምን እንደሚሸጥ አይቶታል። «አይዞህ፣ ሁሉም አንድ ነው» ብሎ የመለሰውን ተዉትና ሌላ ደውሉ።